ደንበኞቼ ከፊሉ አፕ ጭኗል፣ ከፊሉ ቁልፍ ስልክ ነው የያዘው፦ ፑሽ፣ ኤስኤምኤስ ወይስ አፑ ውስጥ?

ሳሙናና ውሃ · ሰኞ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ላውንደሪ አለኝ። መዝገቤ ላይ 640 ደንበኛ አለ። ድሮ ልብስ በደረሰ ቁጥር ለሁሉም ኤስኤምኤስ እልክ ነበር። ከዚያ አንድ ልጅ አፕ ሠራልኝ። ሐሳባችን ቀላል ነበር። አፕ ላለው በኢንተርኔት የሚሄድ ኖቲፊኬሽን፣ ማለት ፑሽ፣ ቁልፍ ስልክ ለያዘው ኤስኤምኤስ። ወጪው በግማሽ ይወርዳል ብለን ነበር።

230 ሰው አፑን ጫነ። ደስ ብሎኝ ለነሱ ኤስኤምኤሱን አቆምኩ። አሁን መደርደሪያዬ ባለቤቱ ባልመጣ ልብስ ጢም ብሏል። ትናንት አንዲት ደንበኛ መጥታ «ከደረሰ ሳምንት ሆኖት ዝም ትሉኛላችሁ?» ብላ ተቆጣችኝ። ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። አፑ አለ። ኖቲፊኬሽን የሚባል ነገር ግን የለም። የኔ ገጽ ላይ ደግሞ «ተልኳል» ይላል።

የምልከው ሦስት ዓይነት ነገር ነው። አንዱ «ልብስዎ ደርሷል» ነው። ሁለተኛው «ሾፌሩ ልብስ ሊወስድ እየመጣ ነው» ነው። ሦስተኛው አልፎ አልፎ የምናወጣው ቅናሽ ነው። አፑን የሠራልኝ ልጅ «ሁሉንም አፑ ውስጥ እናድርገው፣ ነፃ ነው» ይላል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

---

ቀጭን ሽቦ · ሰኞ ጠዋት

ወንድሜ ይሄ የሚያከራክር አይደለም። ስማርት ስልክ ያለው ፑሽ፣ የሌለው ኤስኤምኤስ። መዝገብህ ላይ አንድ ዓምድ ጨምርና «ስማርት» እና «ቁልፍ» ብለህ ለያቸው። አለቀ።

---

ሳሙናና ውሃ · ሰኞ ጠዋት

እህትህ ነኝ 🙂 ደግሞ አሁን ያደረግኩት እኮ ልክ ያልከውን ነው። መደርደሪያዬን ያጨናነቀውም እሱ ነው።

---

የማታ ፈረቃ · ሰኞ ከሰዓት

መልእክት በሚያስተላልፍ ድርጅት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራዬ «ልከናል» እና «አልደረሰንም» የሚሉ ሰዎችን ማስታረቅ ነበር። ስለዚህ ከዚያች «ተልኳል» ከምትለው ቃል ልጀምር።

ፑሽ ከአንቺ ሰርቨር ተነስቶ በቀጥታ ደንበኛዋ ስልክ ላይ አይወርድም። መጀመሪያ የጉግል ወይም የአፕል ሰርቨር ይቀበለዋል። ያኔ ነው ገጽሽ «ተልኳል» የሚለው። ትርጉሙ «ተቀብለናል፣ ስልኩን ስናገኘው እንሰጠዋለን» ነው። ስልኩ ዳታ ካላበራ እዚያው ይቀመጣል። ደንበኛዋ ኖቲፊኬሽን ካልፈቀደች ስልኩ ይቀበለዋል፣ ግን ምንም አያሳይም። ሁለቱም አንቺ ጋ «ተልኳል» ናቸው።

ስለዚህ «ስማርት ስልክ አለው ወይስ የለውም» የሚለው ጥያቄ ብዙ አይጠቅምሽም። ልጁ ከ230ዎቹ ሦስት ነገር ቆጥሮ ይስጥሽ። ስንቱ ኖቲፊኬሽን ፈቅዷል? ከነዚያ ውስጥ የስንቱ አፕ ባለፉት 14 ቀናት ከሰርቨርሽ ጋር ተገናኝቷል? ፑሽ ስትልኩ ስንቱ ላይ `UNREGISTERED` የሚል መልስ ይመጣል? የመጨረሻው አፑን ያጠፉት ናቸው። እነሱን ዛሬውኑ ወደ ኤስኤምኤስ መልሻቸው።

---

ሰላም ፈላጊ · ሰኞ ከሰዓት

እኔም ላይ እኮ ይሄው ነው! አፑን ስከፍተው ነው አምስት መልእክት ባንዴ የሚዘንብብኝ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ኖቲፊኬሽኑን አብርቻለሁ። ስልኩን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ምን ላድርግ? ባትሪ ቆጣቢው ይሆን?

---

የማታ ፈረቃ · ሰኞ ከሰዓት

ወንድሜ፣ ጥያቄው ስለ ስልክ ሴቲንግ አልነበረም፤ ግን ጥሩ ምሳሌ ሆነሃል። አዎ፣ ባትሪ ቆጣቢው ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ስልኮች ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ አፕን ያስተኙታል። የአፑን የባትሪ ሴቲንግ «ያልተገደበ» አድርገውና ሞክር።

@ሳሙናና ውሃ፣ ልብ በዪ። ይሄ ሰው ስማርት ስልክ አለው። አፑን ጭኗል። ኖቲፊኬሽንም ፈቅዷል። አሁንም መልእክትሽ በሰዓቱ አይደርሰውም። የላውንደሪ አፕ ደግሞ ሰው በየቀኑ የሚከፍተው ነገር አይደለም።

---

ወርቅ ጠጋኝ · ሰኞ ማታ

እኔ ጌጣጌጥ እጠግናለሁ። አፕም የለኝ፣ ፑሽም አላውቅም። ኤስኤምኤስ ብቻ ነው የምልከው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛዬ ለሚስቱ በድብቅ ቀለበት አሠራ። ስሜን፣ የዕቃውን ዓይነት፣ ሁሉንም ጽፌ «ቀለበትዎ ደርሷል» ብዬ ላክሁለት። ለካ ስልኩ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠቀምበት ነው። እሷው አንስታ አነበበችው። ሰውየው እስከ ዛሬ ሲያየኝ ይስቃል፣ ያን ቀን ግን አልሳቀም።

ቁልፍ ስልክ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው «ትእዛዝዎ ደርሷል» እና ቁጥሩን ብቻ ነው።

---

ሳሙናና ውሃ · ማክሰኞ ጠዋት

@ወርቅ ጠጋኝ፣ ሳቄን አመጣኸው። ግን ልክ ነህ። እኔም የልብሱን ዝርዝር እጽፍ ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።

@የማታ ፈረቃ፣ ቁጥሩ መጣ። ከ230ው ኖቲፊኬሽን የፈቀደው 158 ነው። ከ158ቱ ባለፉት 14 ቀናት ውስጥ አፑ የተገናኘው 96 ነው። `UNREGISTERED` የሚለው 31 ሰው ላይ መጣ። ማለት ለወራት አፑ ወደሌለበት 31 ስልክ መልእክት እልክ ነበር።

230 ደንበኛ በፑሽ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ለካ የማገኘው 96 ብቻ ነው። ለምንድነው ግን ይህን ያህል ሰው ያልፈቀደው? ልጁ አፑ መጀመሪያ ሲከፈት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ምሎ ነግሮኛል።

---

የማታ ፈረቃ · ማክሰኞ ጠዋት

ችግሩ እሱ ነው። መጀመሪያ ሲከፈት መጠየቁ።

ደንበኛዋ አፑን ገና ከፈተች። ምን እንደሚሠራ አታውቅም። በዚያች ቅጽበት «ኖቲፊኬሽን ይፈቅዳሉ?» ብቅ ይላል። ብዙ ሰው እምቢ ይላል። አይፎን ላይ ያ ጥያቄ የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድሮይድ ከ13 ጀምሮ እንደዚሁ ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ እምቢ ከተባለ ያ መስኮት ዳግመኛ አይወጣም። ከዚያ ወዲያ ደንበኛዋ ራሷ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ካልፈቀደች መንገድ የለም። ማን ይገባል?

አፑ ውስጥ የሚወጣው መልእክት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ልብሷን አስረክባ ትእዛዙ ሲመዘገብ፣ አፑ ውስጥ የራሳችሁን ትንሽ ካርድ አውጡ። «ልብስዎ ሲደርስ በዚህ ስልክ እንንገርዎት?» ይበል። ሁለት ቁልፍ ይኑረው፦ «አዎ» እና «በኤስኤምኤስ ይሻለኛል»። «አዎ» ያለችውን ብቻ ወደ ስልኩ የፈቃድ መስኮት ውሰዷት። «በኤስኤምኤስ ይሻለኛል» ያለችውን እንዳትነኳት፤ ያቺን አንዲት ዕድል ለሌላ ቀን ቆጥባችሁ ትይዛላችሁ።

«ሁሉንም አፑ ውስጥ» ለሚለው ልጅ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ። ደንበኛዋ አፑን የምትከፍተው ልብሷ መድረሱን ስታስብ ነው። ካሰበችማ ምን አስነገራት?

---

ቀጭን ሽቦ · ማክሰኞ ጠዋት

እሺ ተሸንፌአለሁ 😅 ግን የዋጋውን ነገር አትርሱ። አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። እሷ የምትጽፈው ከዚያ አይበልጥም። ስለዚህ አንድ መልእክት አንድ ሒሳብ ነው። ሁሉንም ወደ ኤስኤምኤስ ብትመልስ ወጪው ድሮ የነበረው ነው፣ አይጨምርም።

---

የማታ ፈረቃ · ማክሰኞ ከሰዓት

160 የሚሆነው በላቲን ፊደል ሲጻፍ ነው። አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት ነው። የላቲን ፊደል የራሱ የኤስኤምኤስ ሠንጠረዥ አለው፤ እያንዳንዱ 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ይገባል። የኛ ፊደል በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ይወስዳል፣ የሚገባውም 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታም፣ አራት ነጥብም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ደግሞ ለመገጣጠሚያ የሚሆን ቦታ ስለሚነሳለት እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል። ሒሳቡ የሚታሰበው በክፍል ነው።

እና ልብ በሉ። እንግሊዝኛ ጽፋችሁ መጨረሻ ላይ አንዲት «ሰላም» ብትጨምሩ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ፈገግታም ብትጨምሩ እንደዚያው ነው። እሷማ ብቻዋን የ2 ፊደል ቦታ ትበላለች።

@ሳሙናና ውሃ፣ የምትልኪውን እንዳለ እዚህ ለጥፊልኝ።

---

ሳሙናና ውሃ · ማክሰኞ ከሰዓት

የልብሱን ዝርዝር አውጥቼ ይኸው፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ለእጥበት ያስረከቧቸው ልብሶች ተዘጋጅተው ስለተጠናቀቁ ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ሰዓት መጥተው መውሰድ የሚችሉ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

አትሳቁብኝ፣ የጻፈው አጎቴ ነው። ጡረታ የወጣ ጸሐፊ ነው።

---

የማታ ፈረቃ · ማክሰኞ ከሰዓት

አጎትሽን አክባሪ ነኝ፤ ይሄ ግን ደብዳቤ ነው። 113 ፊደል ሆኗል። ማለት ሁለት ክፍል። እንዲህ ብትዪውስ፦

«ልብስዎ ደርሷል። ቁጥር 418። እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነን።»

40 ፊደል ነው። ከነቁጥሩ፣ ከነሰዓቱ። የላውንደሪሽ ስም ላኪው ቦታ ላይ ስለሚወጣ ውስጡ መድገም አያስፈልግም። የላኪ ስሙ ቢበዛ 11 የላቲን ፊደል ነው። አንድ ችግር አለው፤ ላኪው ስም ሲሆን ደንበኛው መልስ መጻፍ አይችልም። «ነገ እመጣለሁ፣ አቆዩልኝ» የሚሉ ደንበኞች ካሉሽ ስልክ ቁጥርሽን መጨረሻ ላይ ጨምሪ። 30 ፊደል ይቀርሻል፣ በደንብ ይበቃል።

---

እናት ባንቺ · ማክሰኞ ማታ

እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም፣ የሱቅ ባለቤት ነኝ። ስለ ቁልፍ ስልኩ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የኔ እናት ስልክ አማርኛ አያሳይም። አማርኛ መልእክት ሲመጣ አራት ማዕዘን ሳጥን በሳጥን ይሆናል። እሷ «ጨዋታ ላኩልኝ» ትላለች። እናንተ ስለ 70 እና 160 ስታወሩ እሷ ሳጥን ነው የምትቆጥረው።

---

የማታ ፈረቃ · ማክሰኞ ማታ

እትዬ፣ ይሄንን ሳልናገር ማለፌ ያሳፍረኛል። በጣም ልክ ነዎት። የባሰው ደግሞ የመድረሻ ሪፖርቱ ያኔም `DELIVRD`፣ ማለት «ደርሷል» ነው የሚለው። ስልኩ ተቀብሎታል። መነበቡን ኔትወርኩ አያውቅም።

ከሩቅ የሚታወቅበት መንገድ የለም። የሚታወቀው ባንኮኒው ላይ ነው። ደንበኛው ፊታችሁ ቆሞ ሳለ አንድ አጭር የአማርኛ መልእክት ላኩለትና «ይነበባል?» በሉት። ሳጥን ከሆነ መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጉ። ለነዚያ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ይላካል። አያምርም፤ ግን ይነበባል፣ 160ም ይይዛል።

---

ሳሙናና ውሃ · ረቡዕ ከሰዓት

ዛሬ ባንኮኒ ላይ ያለውን ልጅ ሥራ አብዝቼበታለሁ። ቁልፍ ስልክ ይዞ የመጣውን ሁሉ «አንዴ ስልክዎን ያሳዩኝ» ይላል። 22 ሰው አየን። ሰባቱ ሳጥን ናቸው። ሁለቱ ጋ ደግሞ ጭራሽ አልገባም። አንዱ አባባ ስልካቸው ላይ ትንሿ ፖስታ ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጁ ከፍቶ አየ። ኢንቦክሱ ሞልቷል። ጥቂት አጥፍቶላቸው ገና «አመሰግናለሁ» ሳይሉ ስልኩ ተንጫጫ። የኛ የሦስት ቀን መልእክት ከሌላ አራት ጋር ገባ። አንዱ «ሾፌሩ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል» ይላል። የእሑድ ነው።

---

የማታ ፈረቃ · ረቡዕ ማታ

ያቺ ፖስታ ብዙ ሰው ግራ አጋብታለች። የድሮ ስልክ ሲሞላ አዲስ መልእክት አይቀበልም። ኔትወርኩ ግን ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም፣ ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል። የሚያቆመው መልእክቱ የተሰጠው ዕድሜ ሲያልቅ ነው። ያ ዕድሜ አንቺ ካልወሰንሽው የላኪው ድርጅት የወሰነው ነው። አብዛኛው በቀናት ይቆጠራል።

ስለዚህ ለሦስቱ መልእክቶች ሦስት የተለያየ ዕድሜ ስጪ። ለሾፌሩ አንድ ሰዓት። ለልብሱ ሁለት ቀን። ለቅናሹ ቅናሹ እስከሚያበቃበት ሰዓት። ፑሽም ላይ እንዲሁ ነው። በአንድሮይድ ምንም ካልተገደበ መልእክቱ እስከ 28 ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ዳታውን በሳምንት አንዴ የሚያበራ ሰው ያለፈ ቅናሽ ደርሶት ሊጣላሽ ይመጣል።

አሁን ስለ አካሄዱ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ሾፌሩ ከሆነ ምንም ሳልጠብቅ ኤስኤምኤስ። አፕ ላለውም ለሌለውም። ሰው በር ላይ የሚቆምበት ነገር ነው። ቅናሽ ከሆነ አፑ ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ፈቅዶ ለተመዘገበ በፑሽ፤ በኤስኤምኤስ ቅናሽ መላክ ገንዘብ መርጨት ነው፣ ሰውም ይሰለቻል። ልብሱ ሲደርስ ግን ለ96ቱ መጀመሪያ ፑሽ ይሄዳል። ፑሹ ስልኩ ላይ ሲወርድ አፑ ለሰርቨርሽ «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። አይፎን ላይ ይሄ ትንሽ ተጨማሪ ሥራ አለው፣ ልጁ ያውቀዋል። በ45 ደቂቃ ውስጥ ያ መልስ ካልመጣ ኤስኤምኤሱ ይሄዳል። ከ96ቱ ውጪ ያለው በቀጥታ ኤስኤምኤስ።

---

ዜሮ አንድ · ረቡዕ ማታ

ዴቨሎፐር ነኝ። ይሄን አካሄድ ሠርቼው አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ። ያልተመለሰለትን የሚፈልገው ፕሮግራም በየ5 ደቂቃው ይነሳል። አንድ ቀን የላኪው ሰርቨር ቀስ አለ። የመጀመሪያው ዙር ሳይጨርስ ሁለተኛው ተነሳ። ሁለቱም ያንኑ ዝርዝር ያዙ። ደንበኛው አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ አገኘ።

መፍትሔው መጀመሪያ ፈልጎ፣ ልኮ፣ በመጨረሻ ምልክት ማድረግ አይደለም። መጀመሪያ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ላኩ።

```sql
UPDATE messages SET sms_at = now()
WHERE push_at < now() - interval '45 minutes'
  AND received_at IS NULL
  AND sms_at IS NULL
RETURNING id, phone, body;
```

አንድ ረድፍ የሚወሰደው በአንድ ዙር ብቻ ነው። ላኪው ስህተት ከመለሰ `sms_at`ን ባዶ አድርጋችሁ መልሱት። ሌሊትም እንዳይልክ ገደብ ጨምሩበት። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ ልብስ ኤስኤምኤሱ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ እንዲሄድ አትፈልጉም፣ ለጠዋት ይቆይ።

---

ቀጭን ሽቦ · ሐሙስ ጠዋት

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «ደርሶኛል» ያለው አፑ እንጂ ሰውየው አይደለም። ሰው ኖቲፊኬሽን ሳያነብ ጠርጎ ያጠፋል። እኔ በቀን ስንቱን ነው የምጠርገው። ለምን ኖቲፊኬሽኑን እስኪነካው አንጠብቅም?

---

ዜሮ አንድ · ሐሙስ ጠዋት

ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን «ልብስዎ ደርሷል» የሚለውን ሰው ስክሪኑ ላይ አንብቦ ይበቃዋል። መንካት ለምን ያስፈልገዋል? እስኪነካው ብትጠብቅ ላነበበው ሰው ሁሉ ድጋሚ ኤስኤምኤስ ትልካለህ። ወጪውም መሰልቸቱም ይመለሳል።

---

የማታ ፈረቃ · ሐሙስ ጠዋት

እኔ ከቀጭን ሽቦ ጋር ነኝ፣ ለአንዳንድ መልእክት። ገንዘብ ወይም ቀጠሮ ቢሆን እስኪነካው እጠብቃለሁ። ለልብስ ግን «ደርሶኛል» ይበቃ ይመስለኛል። በሁለተኛው ቀን ካልመጣ ኤስኤምኤስ ብትልክለት ሁለታችሁንም ያስታርቃል።

---

ሳሙናና ውሃ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ

ተመለስኩ። ያለፈውን ሳምንት ቆጥሬ አመጣሁላችሁ።

120 ትእዛዝ ደረሰ። 82ቱ በቀጥታ ኤስኤምኤስ ተላከላቸው። ለ38ቱ መጀመሪያ ፑሽ ሄደ። ከ38ቱ 24ቱ በ45 ደቂቃ ውስጥ «ደርሶኛል» ብለው መለሱ። 14ቱ ዝም አሉ፣ ወደ ኤስኤምኤስ ወረዱ። ስለዚህ 82 እና 14፣ 96 ኤስኤምኤስ። ሁሉም ባጭሩ ጽሑፍ ስለሆነ 96 ክፍል ነው የከፈልኩት።

የድሮውን ደብዳቤ ለ120ውም ልኬ ቢሆን 240 ክፍል ነበር። ወጪዬ ከግማሽ በታች ወረደ። መደርደሪያውም ቀለል ብሏል፤ ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ልብስ አሁን ስምንት ብቻ ነው።

---

ዜሮ አንድ · ሰኞ

ቆይ ቆይ። ይሄን ቁጥር ደግማችሁ እዩት። ፑሽ የሚባል ነገር ባይኖር፣ አጭሩን ጽሑፍ ለ120ውም ብትልኪ 120 ክፍል ነበር። ከ240 ወደ 120 ያወረደሽ ጽሑፉን ማሳጠርሽ ነው። ፑሹ ያተረፈልሽ 24 ክፍል ብቻ ነው።

ይሄን የምለው እንደ ዴቨሎፐር እያመመኝ ነው።

---

ሳሙናና ውሃ · ሰኞ

አጎቴ እንዳይሰማ።

እውነት ለመናገር እኔም እንዲሁ አየሁት። ለአፑ በየዓመቱ የምከፍለው አለ። ልጁ ደግሞ አንድሮይድ በታደሰ ቁጥር የሚነካካው ነገር አያጣም። ልዝጋው እንዴ?

---

ቀጭን ሽቦ · ሰኞ

ዝጊው። 24 ክፍል አፕ አያኖርም።

---

የማታ ፈረቃ · ሰኞ

አልቸኩልም። የፈቃዱን ካርድ ካስተካከላችሁ ገና ሁለት ሳምንታችሁ ነው። አዲስ የሚጭኑት ሰዎች በትክክለኛው ሰዓት ነው የሚጠየቁት። በወር ውስጥ 96ቱ የት እንደሚደርስ እዪ። ወደ 200 ከወጣ ሒሳቡ ይቀየራል። እዚያው ከቆመ ቀጭን ሽቦ ልክ ነው፣ አፑ ትእዛዝ መቀበያ ካልሆነሽ በቀር ለመልእክት ብቻ መያዝ አያዋጣም።

ከዚያ በፊት ግን ያን 14 ሰው እዪልኝ። በየሳምንቱ እነዚያው 14 ናቸው ወይስ ይለዋወጣሉ? እነዚያው ከሆኑ ፑሽ መሞከሩን ትታችሁ በቀጥታ ኤስኤምኤስ ላኩላቸው። 45 ደቂቃ በከንቱ ነው የሚጠብቁት።

---

እናት ባንቺ · ሰኞ ማታ

ሳጥን የሚያዩት ሰባቱስ? በላቲን ፊደል ላካችሁላቸው? እናቴ እሱንም አታነብም። ልጆቿ ቤት ሲመጡ ነው የምታስነብበው።

---

ሳሙናና ውሃ · ሰኞ ማታ

አራቱ በላቲን ፊደል ያነባሉ፣ ጠይቀናቸዋል። ሦስቱ አያነቡም። ለሦስቱ ባንኮኒ ላይ ያለው ልጅ ይደውላል። መዝገቡ ላይ «ይደወል» የሚል ምልክት አላቸው። እስካሁን ካየነው ውስጥ ሦስት ነው፣ ሁሉንም ቁልፍ ስልክ አይተን ስንጨርስ ግን 40 ቢሆኑስ? ልጁ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ሊውል ነው። በድምፅ የተቀዳ መልእክት በራሱ የሚደውል ነገር አለ አሉ። የሞከረ ሰው አለ? ሰዎች ቁጥሩን ሲያዩ ያነሱታል ወይስ ይዘጉታል?

---

ወርቅ ጠጋኝ · ሰኞ ማታ

እኔ ላይ ሲደውሉ እዘጋለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ግን እሰማለሁ። ልጁ ይደውል፣ 40ም ቢሆኑ ባንድ ቀን አይደርስባቸውም።